አልጋህ ሥር ስላለው ሳጥን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አክስትህ እሁድ ማታ ከሐዋሳ ገባች። ስለ ዓሣው አመስግናሃለች፣ ቤትህንም አድንቃለች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጅሽ ብሩን አልጋው ሥር በሳጥን ነው የሚያስቀምጠው» አለችኝ። 180,000 ብር! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ከሳጥኑ አውጣው።

የአባትህን ሰማያዊ ሳጥን ታስታውሳለህ። በ2010 ሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎች ልንሠራ 120,000 ብር አጠራቅመን ነበር። ያኔ ነጭ ጤፍ ኩንታሉን በ2,500 ብር እሸጥ ነበር፤ ብራችን 48 ኩንታል ይገዛል ማለት ነው። አባትህ «ሥራው እስኪጀመር እዚሁ ይቀመጥ፣ የባንክ ሰልፍ ማን ይችላል» አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። በ2013 መስከረም የብር ኖት ሲቀየር ግድ ሆነና ተሰልፈን ባንክ አስገባነው። ወር ሳይሞላ መልሰን አወጣነው፤ ስድስት እስር፣ አዲስ ባለ 200 ብር፣ ሽታው እንኳ ያልጠፋ። እንደገና ሳጥን!

በ2014 ግንበኛ ስንጠራ ጤፍ 5,000 ገብቶ ነበር። ከሳጥኑ አንዲት ብር አልጎደለችም፣ ግን የምትገዛው 24 ኩንታል ብቻ ሆነ። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያ ሳያገኝ ቀረ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ በጓሮ በኩል ማለፍ አይወድም ነበር። በየሳምንቱ የጤፍ ዋጋ በጠመኔ የምጽፈው እኔው ነበርኩ እኮ! ጤፍ ተወደደ እያልኩ ብሬ እያነሰ መሆኑን ሳላየው አራት ዓመት አለፈ።

ገና በ2010 ቁጠባ ላይ አስገብተነው ቢሆን በዝቅተኛው ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ በአራት ዓመት 157,000 ግድም ይሆን ነበር። በ5,000 ብታካፍለው 31 ኩንታል። እንግዲህ ባንክም ያስከስራል፤ ወለዱ ከገበያው ካነሰ ልዩነቱን የምትከፍለው አንተ ነህ። ሳጥኑ ግን ሰባት ኩንታል ጨምሮ በልቶብናል። አውጣው ያልኩህ ለዚህ ነው።

አሁን የምልህን አድርግ። ወር የሚያልፍልህ በ15,000 ነው ብለኸኛል። የሦስት ወሩን፣ 45,000ውን፣ ተራ ቁጠባ ውስጥ ተወው። ይከስራል፣ አውቃለሁ፤ ብትታመም ግን በዚያው ቀን የምታገኘው ብር ያስፈልግሃል።

የቀረው 135,000 ለእነዚያ ክፍሎች ከሆነ፣ ብር ሆኖ የሚቆይበት ምክንያት አይታየኝም። ቆርቆሮና ብረት አሁን እንግዛ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሲወጣ የግንባታ ዕቃ ሻጮች ዋጋ አንጠራም ብለው መዝጋታቸውን አልረሳሁም። ሲሚንቶ ግን እንዳትገዛ! ሁለት ሦስት ወር ከተቀመጠ እርጥበት ይስብና በከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ብረቱን በእንጨት ላይ ከመሬት ከፍ አድርጌ እሸፍነዋለሁ። ቆርቆሮም ተደራርቦ ውሃ ከገባበት ነጭ ነጭ እያለ ይበላል፣ ስለዚህ እኔ መኝታ ክፍል ይገባል። የምንሠራበትን ያህል ብቻ ነው የምንገዛው፤ ትርፉን ልሽጥ ብትል በገዛህበት የሚወስድህ የለም።

ለግንበኛው የሚከፈለውን በጊዜ ገደብ አስቀምጥ። ወለዱ በድርድር ነው፣ ሁለት ሦስት ባንክ ገብተህ ጠይቅ። ቀኑ ሳይደርስ ባወጣ ምን ይቀርብኛል ብለህም ጠይቅ፤ ይሄን ሳይጠይቁ የሚፈርሙ ብዙ ናቸው።

አክስትህ ዕቁብ ይሻለዋል ትላለች። የሃያ ወር ዕቁብ ገብተህ ዕጣው መጨረሻ ላይ ከወጣልህ የመጀመሪያው ወር መዋጮህ አሥራ ዘጠኝ ወር ሳጥን ውስጥ እንደከረመ ቁጠረው። ወለድም የለው። አጭር ከሆነ ግባ።

ደግሞ ደብተር ያዝ። የምትገዛቸውን አምስት ስድስት ነገሮች፣ የቤት ኪራይህንም ጨምረህ፣ በየወሩ ጻፍ። የዘንድሮን ታኅሣሥ ከአምናው ታኅሣሥ ነው የምታስተያየው፤ ሽንኩርት በክረምት ተሰቅሎ ምርት ሲደርስ ይወርዳል፣ እሱን አይተህ አትደንግጥ። ባንኩ የሚሰጥህ ከደብተርህ ካነሰ እየከሰርክ ነው።

ተቆጣሁ መሰለኝ። አንተ ላይ አይደለም፣ የኔ ጌታ። ከስተሃል ብላኛለች ደግሞ፣ ቁርስ ሳትበላ አትውጣ። በሶ ልኬልሃለሁ።

የክፍሎቹን ጣሪያ ልክ የአክስትህ ባል በሜትር ለክቶታል፤ 32 ቆርቆሮ ይበቃል ይላል። ሻጩ የዛሬውን ዋጋ እስከ ሐሙስ ይጠብቅልኛል። ረቡዕ ባንክ ሂድና ደውልልኝ።

እናትህ፣ አዳማ