በሰሌዳው ላይ ስለተያዘብኝ ስህተት

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ፣

አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬህ ከርሜ ዛሬ የጻፍኩልህ ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ ነው ብልህ ስለማታምነኝ እውነቱን ልናገር፤ የዐረብኛው ሰዋስው፣ ነህው፣ ቸግሮኝ ነው። ስለ ዝምታዬ አውፍ በለኝ፤ ወቀሳህን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

በሰፈራችን መስጊድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ ለወጣቶች ነህው ማስተማር ጀምሬያለሁ። አትሳቅ። በደረሳነታችን ዘመን በኢዕራብ፣ ማለትም በቃላት መድረሻ ለውጥ፣ ጥያቄ ሁሉ ያንተን አፍ አፍ እያየሁ ያለፍኩት እኔ መሆኔን አልዘነጋሁም። ያለፈው ቅዳሜ ተራው «ነበረ፣ ሆነ» የሚለው የካነና «በእርግጥ» የሚለው የኢንነ ነበር፤ አጀማመሩም አልከፋም። «ዘይዱን ቃኢሙን»፣ ማለትም «ዘይድ ቆሟል»፣ ሲባል ሁለቱም ቃላት ረፍዕ ሆነው በዶማ፣ በ«ኡ» ድምፅ፣ እንደሚያልቁ አሳየኋቸው። ካነ ሲገባ ባለቤቱ ዶማውን እንደያዘ ይቀራል፣ ስለ እርሱ የሚነገረው ኸበር ግን ወደ ነስብ፣ ወደ «አ» ድምፅ፣ ሄዶ «ካነ ዘይዱን ቃኢመን» ይሆናል። ኢንነ ሲገባ ደግሞ ተገልብጦ «ኢንነ ዘይደን ቃኢሙን» ይባላል። አንዱ ልጅ «ዶማውን ማን ይያዝ ነው እንግዲህ ጥያቄው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው፤ አንተን አስታወሰኝ።

ያስቸገራቸው አማርኛችን ነው። «ዘይድ መምህር ሆነ» እንላለን እንጂ «መምህርን ሆነ» ስለማንል የካነ ኸበር ነስብ መውሰዱ ይከብዳቸዋል። ግዕዝ «ንጉሠ ኮነ» ሲል የኸበሩን መድረሻ እንደ ተሳቢ መለወጡን ብነግራቸው ግን ፊታቸው በራ፤ ኮነና ካነ ዘመዳሞች ናቸውና። የኢንነ ነገር የባሰ ነው፤ የሚነገርለት ስም ራሱ የተሳቢ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ሊቃውንቱ የሚሰጡትን ምክንያት እንዳቅሜ አስረዳሁ፦ ካነ ግሥ ስለሆነ ባለቤቱን፣ ማለትም ስሙን፣ እንደ አድራጊ፣ ኸበሩን እንደ ተሳቢ ይይዛል። ኢንነ ግን ግሥን የሚመስል ሐርፍ፣ ማለትም ስምም ግሥም ያልሆነ ቃል፣ ነው፤ የግሥን ሥራ ቢሠራም ከዋናው እንዲለይ ነስቡን አስቀድሞ ረፍዑን አስከተለ። ሐርፍ ደካማ ነውና ቅደም ተከተሉም ይጠብቃል፤ «ቃኢመን ካነ ዘይዱን» ማለት ሲቻል፣ የኢንነን ኸበር እንዲሁ ማስቀደም አይቻልም። የሚቀደመው ኸበሩ በመስተዋድድ የመጣ ሐረግ ወይም የቦታና የጊዜ ቃል ሲሆን ብቻ ነው።

ጉዴ የወጣው እዚህ ላይ ነው። «በቤቱ ውስጥ ሰው አለ» ለማለት በሰሌዳው ላይ «ኢንነ ፊል-በይቲ ረጁሉን» ብዬ ጻፍኩ። «ረጁል» በመጨረሻ ስለመጣ ኸበር መሰለኝ፤ እጄም ሳያስብ ረፍዕ ሰጠው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ኡስታዝ፣ ታዲያ ቁርኣን ስንቀራ ለምን ‹ኢንነ መዐል ዑስሪ ዩስራ› እንላለን? ‹ዩስር› አይባልም ነበር?» አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ። ልክ ነበረች። «ፊል-በይቲ» የቀደመ ኸበር ነው፣ «ረጁል» ደግሞ የዘገየ የኢንነ ስም፤ ስለዚህ «ረጁለን» መባል ነበረበት። በካነ ቢሆን ኖሮ «ካነ ፊል-በይቲ ረጁሉን» ትክክል ይሆን ነበር። ስህተቴን ለማመን ግን ወዲያው አልደፈርኩም፤ ሰሌዳውን እያጠፋሁ «ልፈትናችሁ ነው» አልኩ። አላህ ይማረኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ውሸት ማረም አለብኝ።

ከእርሷ የተማርኩት ግን ጆሮን መጠቀም ነው። ንባብ ሲቆም «ረጁሉን» ወደ «ረጁል» ያጥራል፣ «ረጁለን» ግን «ረጁላ» ይሆናል፤ በጽሑፍም መጨረሻው ላይ አሊፍ ይቆማል። ስለዚህ «ኢንነላሀ ገፉሩን ረሒም» እና «ወካነላሁ ገፉረን ረሒማ» የሚሉትን አከታትዬ ላስነብባቸው አስቤያለሁ፤ መድረሻው ብቻውን ሁለቱን ይለይላቸዋል። ችግሩ አሊፉ ሁሌ አይገኝም፤ «አል» ያለው ቃል የመጨረሻው የ«ን» ድምፅ፣ ተንዊን፣ የለውም፣ በክቧ ታእ፣ በታእ መርቡጣ፣ የሚያልቀውም አሊፍ አይጨመርለትም። በብዙ ቁጥር ግን ፊደሉ ራሱ ስለሚለወጥ የአናባቢው ምልክት ሐረካ ባይጻፍም ይታያል፦ «ካነል-ሙስሊሙነ ሳዲቂነ»፣ «ኢንነል-ሙስሊሚነ ሳዲቁነ»። እንደ እነርሱ የሚሠሩት እህቶቻቸውም በዚሁ ያልፋሉ፤ ለይሰና አስበሐ ከካነ ጋር፣ ለይተና ለዐለ ከኢንነ ጋር።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። «ማ» ስትጨመርበት ኢንነ ሥራውን ያቆምና «ኢንነማ ዘይዱን ቃኢሙን» ይባላል፤ ሁለቱም ወደ ረፍዕ ይመለሳሉ። ይህን በዚሁ ቅዳሜ ላስተምር ወይስ ገና ያላጸኑትን አፈርሰዋለሁ? እኔ ወደ ማቆየቱ አደላለሁ፤ ግን ያቺ ልጅ «ኢንነመል-ሙእሚኑነ ኢኽወህ» ብላ መምጣቷ አይቀርምና እስከ ዓርብ መልስህን ላክልኝ።

ወንድምህ፣ ያው የድሮው ቀጂ