አስተያየቶችን የምናጣራበት ደንብ እንዴት እንደሚሠራ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በሱቃችሁ የፌስቡክ ገጽ ላይ የሚጻፉ አስተያየቶችን የሚያጣራው ደንባችን አሁን የሚሠራው በነጥብ ነው። አንድ ቃል ብቻውን አስተያየት አያስደብቅም።

ብዙዎቻችሁ «ብር» የሚለውን ቃል ብንከለክል «በቀን 5,000 ብር ይሥሩ» የሚሉት ሁሉ አይጠፉም ወይ ትላላችሁ። ፊደሎቹ በተገኙበት ሁሉ ቢከለከሉ «ብርድ ልብስ» እና «ብርጭቆ» የጠየቀ ገዢም አብሮ ይደበቃል። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ብቻ ቢከለከል ደግሞ «በብር» እና «ብሩን» ያመልጣሉ። ስለዚህ ነጥብ እንደምራለን፤ ሊንክ 2፣ የስልክ ቁጥር 1፣ የቀላል ገቢ ተስፋ 1፣ በበርካታ ልጥፎች ሥር የተደጋገመ አንድ ዓይነት ጽሑፍ 2። ድምሩ 3 ሲሞላ አስተያየቱ ይደበቃል።

አደጋው ያለው ቅሬታ ላይ ነው። አንዲት ደንበኛ «ብርድ ልብሱን ከፍዬ ሳምንት ሆነኝ፣ አልደረሰኝም፤ በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ» ብላ ስልኳን ብትጽፍ 1 ነጥብ ነው፤ አይደበቅም። መልስ አጥታ ያንኑ በሦስት ልጥፎች ሥር ብትለጥፍ ግን 3 ይሞላል፤ ይበልጥ የተናደደችው ደንበኛ ልትደበቅ ነው ማለት ነው። የቅሬታው ደንብ ከነጥቡ የሚቀድመው ለዚህ ነው። «አልደረሰኝም»፣ «አልተመለሰልኝም»፣ «ተበላሸ»፣ «ሌባ» የሚሉ ቃላት ከተገኙ ነጥቡ አይቆጠርም፤ አስተያየቱ ሳይደበቅ ወደ ሰው ይሄዳል። «ሌባ» ስድብ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከኋላው ያልተመለሰ ገንዘብ አለ።

ይህን ቀዳዳ አጭበርባሪዎች ያውቁታል። «ተጭበርብሬ ገንዘቤ አልተመለሰልኝም ነበር፣ ያስመለሰልኝ ይህ ሰው ነው» ብለው የቴሌግራም ሊንክ ያስከትላሉ። ቅሬታና ሊንክ አንድ ላይ ሲመጡ ታዲያ አስተያየቱ ሰው እስኪያየው ድረስ ይደበቃል። ከዚህ ውጭ የሆነው የክፍያ ደረሰኝ ሊንክ ነው፤ ከባንክ ወይም ከቴሌብር የደረሰውን መልእክት እንዳለ የሚለጥፍ ገዢ አለና። ደረሰኙ ላይ ስምና የሂሳብ መረጃ ስላለ ግን ባለሙያችሁ መልስ ሰጥቶ በእጁ ቢደብቀው ይሻላል።

ለማወዳደር ብቻ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንቆጥራቸዋለን፤ የተጻፈው ጽሑፍ አይነካም። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ያስቸግራል። `alderesegnim` እና `alderesenim` ያው አንድ ቃል ናቸው፤ እንዲህ ያሉትን ባየናቸው ቁጥር በእጅ እንጨምራለን፣ ገና የሚያመልጡም አሉ።

ፌስቡክ የተደበቀን አስተያየት ለጸሐፊውና ለጓደኞቹ ማሳየቱን አይተውም። በስህተት የተደበቀ ደንበኛ መደበቁን አያውቅም፤ ዝም ያላችሁት ይመስለዋል። ስለዚህ የተደበቁትን ዝርዝር በየቀኑ አንድ ሰው ይመልከት፤ እውነተኛ ሆኖ ያገኘውን ይግለጥ፣ ለእኛም ይላክልን፣ የነጥቡን ልክ የምናስተካክለው በእሱ ነው። ቅሬታ የሚቀበለውን ሠራተኛ ስልክና እንደ «ብርጭቆ» ያሉ የዕቃ ስሞቻችሁን አብራችሁ ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል