የዕቁቡን ብር ገና አትንኪው

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? እማዬ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሻርጃ ሙቀቱ ቀለል ብሏል፤ ሥራውም እንደ ወትሮው ነው።

ዕቁቡ ወጣልሽ ስትይኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! 400,000 ብር ቀላል አይደለም። ጎረቤትሽ ሙሉውን ወርቅ ግዢበት አለችሽ፤ ባለቤትሽ ዶላር ገዝተን እንደብቀው ይላል፤ አንቺ ደግሞ ባንክ ይሻላል ባይ ነሽ። በድምፅ ከምልክልሽ ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ምክንያቱም በወርቁም በባንኩም ተቃጥያለሁ።

ስለ ወርቅ ልጀምር። በግንቦት 2015 ከዚህ ወርቅ ገበያ የ21 ካራት ሐብል ገዛሁ፤ የላክሁልሽ ፎቶ ላይ አንገቴ ላይ የነበረውን። 20 ግራም ነው። ያኔ ግራሙ 207 ድርሃም ገደማ ስለነበር ወርቁ ብቻ 4,140 መጣ። በዚያ ላይ የእጅ ሥራ በግራም 25 ድርሃም፣ 500 ተጨመረ። ከዚያ ቫት 5 በመቶ፣ 232 ድርሃም። ከፍዬ ስወጣ 4,872 ሆኗል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ንብረት ያዝኩ ብዬ።

በመስከረም 2016 መጨረሻ አባዬ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ። ሐብሉን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ ማህተሙን በአጉሊ መነፅር አየ፣ ካልኩሌተር መታ። የዓለም ዋጋ በዚያ ሰሞን ወርዶ ግራሙ 189 ደርሶ ነበር። እሱ ከዚያም ላይ ቀንሶ በ186 ገዛኝ። 3,720 ድርሃም። የእጅ ሥራውንም ቫቱንም የሚመልስልኝ የለም። በአምስት ወር 1,152 ድርሃም ጠፋ፤ ከሰጠሁት ሩብ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

ዛሬ ያ ሐብል በእጄ ቢኖር ወርቁ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነበር። በጥቅምት 2018 የዓለም ዋጋ በወቄት ከ4,000 ዶላር አልፏል፤ እኔ ስገዛ 2,000 አካባቢ ነበር። ስለዚህ ወርቅ አታሎኝ አይደለም። ለድንገተኛ ጉዳይ መሆን የነበረበትን ገንዘብ ወርቅ ላይ ማሰሬ ነው የጎዳኝ። ወርቅ ሁሌ ይጨምራል የሚልሽንም አትመኚ። በ2003 መጨረሻ ወቄቱ 1,900 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ2008 ታህሳስ ላይ 1,050 አካባቢ ወረደ። አራት ዓመት ሙሉ ሲወርድ ቆየ ማለት ነው።

ስለ ባንክ ደግሞ ቤሩት ያየሁትን ልንገርሽ። ለማንም በዝርዝር አውርቼው አላውቅም። አሠሪዬ ባባ የ14 ወር ደሞዜን በስሙ ባንክ አስቀምጥልሻለሁ ብሎ ይዞልኝ ነበር፤ በወር 200፣ በድምሩ 2,800 ዶላር። ሰውዬው ሊበላኝ አላሰበም፤ ደብተሩንም አሳይቶኛል። በጥቅምት 2012 ሰልፍ ተነሳ፣ ባንኮች ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጉ። ሲከፈቱ ዶላር በትንሽ በትንሹ፣ በኋላ ጭራሽ የለም። በሊራ ውሰዱ ተባለ። በሐምሌ 2012 ባንኩ ለአንድ ዶላር 3,900 ሊራ ቆጥሮ ሰጠው፤ 10,920,000 ሊራ። ብዛቱን አይተሽ እንዳትደነግጪ። ውጪ ላይ አንድ ዶላር 8,000 ሊራ ገብቷል። ዶላር ስገዛበት 1,365 ብቻ ሆነ። ከግማሽ በታች! ማንም አልሰረቀኝም። ደብተር ላይ የተጻፈ ዶላርና በእጅ ያለ ዶላር አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። የብር አደጋው ባንኩ መዝጋቱ ሳይሆን ብሩ እየቀለለ መሄዱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ያየሽው ነው። ከዚያ በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር፤ በፈረንጅ ዓመቱ መጨረሻ 120 አልፏል። ደብተርሽ ላይ የነበረ 100,000 ብር ከ1,700 ዶላር በላይ የነበረው ወደ 800 ወረደ። በዓመት 7 በመቶ ወለድ ይህን አይሞላውም።

ባለቤትሽ ለዚህ ነው ዶላር የሚለው፤ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ይየው። ከለውጡ በፊት ጥቁር ገበያው አስቀድሞ 115 አካባቢ ነበር። በዚያ ዋጋ ከመንገድ ገዝቶ የደበቀ ሰው ባንኩ እስኪደርስበት ወራት ጠበቀ፤ ያተረፈው ነገር የለም። ያተረፈው ከውጭ በባንክ ተልኮለት ሳይመነዝር ያቆየ ነው። መንገድ ላይ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል፤ የሐሰት ኖት ይገባል፤ የተቀደደና ማህተም ያረፈበት ዶላር ደግሞ ሲመነዘር ዋጋው ይቀንሳል ወይም አይወሰድም። ቤት ውስጥ ሌባም አለ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ለቆርቆሮውና ለልጆቹ ክፍያ እስከ መስከረም 150,000 ያስፈልገኛል ብለሻል። እሱ በተራ ቁጠባ ባንክ ይቀመጥ። ብር ቢቀልል እንኳ በዚህ አጭር ጊዜ የሚጎዳሽ፣ እኔ ሐብሉ ላይ ከከሰርኩት አይበልጥም ብዬ አስባለሁ። በሁለት ባንክ ብትከፍይው ደግሞ ይሻላል፤ የተቀማጭ ዋስትናው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ የሚሸፍነው እስከ 100,000 ብር ነው።

የቀረው 250,000 ለሱቁ ነው፤ ሦስት ዓመት አትነኪውም። ግማሹን ወርቅ ግዢ። ግን ፈርጥ ያለው ሐብል አይሁን፤ ስትሸጪ ፈርጡ ከሚዛን ይቀነሳል። ድፍን፣ ጌጥ የሌለው አምባር ምረጪ፤ የእጅ ሥራው ትንሽ ነው። 21 ካራት ከሆነ ውስጡ 875፣ 18 ካራት ከሆነ 750 የሚል ማህተም ይኖረዋል። ማህተምም ይጭበረበራል፤ ስለዚህ ሳትከፍይ ሌላ ወርቅ ቤት ወስደሽ አስፈትሺው፤ ሻጩ አይሆንም ካለ ተይው። ደረሰኙ ላይ ግራሙና ካራቱ ለየብቻ ይጻፍ። አንድ ጥያቄም አትርሺ፦ «ዛሬውኑ ብመልሰው በስንት ትገዙኛላችሁ?» በሚከፈልሽና በከፈልሽው መካከል ያለውን ልዩነት ያኔ ታውቂዋለሽ። ሌላውን ግማሽ በጊዜ ገደብ አስቀምጪ፤ ወለዱን ተደራደሪ፣ ቀድመሽ ብታወጪ ምን እንደምታጪ ጠይቂ።

እኔ በየወሩ የምልከውን ግን ከእንግዲህ በብር እንዳትቀበይ። ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ አንቺም የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ትችያለሽ። በዶላር ይቀመጥ፤ ስትፈልጊ በዕለቱ ዋጋ ትመነዝሪያለሽ። የቤሩቱ ነገር ስላልወጣልኝ ግን ሁሉንም እዚያ አላከማችም፤ ጥቂቱን እዚህ በስሜ አስቀራለሁ።

ባንኩ ስትሄጂ ጥሬ ዶላር ወጪ ይሰጡ እንደሆነና በምን ያህል፣ በቃል ሳይሆን ከውሉ ላይ አሳዩኝ በያቸው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። የእማዬን አምባር መዝነሽ ግራሙን ንገሪኝ፤ እሷ ግን እንዳትሸጠው።

እህትሽ
ከሻርጃ