ሁለቱ «ኡት»

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ዝምታዬ ከልክ ማለፉን አውቃለሁ፤ ሰበብ እየደረደርሁ ግን አላደክምህም። ላቲን መማር መጀመርህንና አንድ ጊዜ ዓላማን፣ አንድ ጊዜ ውጤትን የምታስከትለው «ኡት» የምትባለው ቃል ሁለቱን ለመለየት ማስቸገሯን ወንድምህ ነገረኝ፤ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው።

የሰዋስው መጽሐፍህን ለጊዜው ዝጋና አንዲት አጭር ጸሎት ተመልከት። በቀድሞው የሮማ ካቶሊክ መጽሐፈ ቅዳሴ፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ በሦስተኛው እሑድ የምትጸለይ ናት። ልመናዋ እንዲህ ይላል፦ «ሙልቲፕሊካ ሱፐር ኖስ ሚሴሪኮርዲያም ቱዋም፤ ኡት፣ ቴ ሬክቶሬ፣ ቴ ዱቼ፣ ሲክ ትራንሴአሙስ ፔር ቦና ቴምፖራሊያ፣ ኡት ኖን አሚታሙስ ኤቴርና።» ምሕረትህን አብዛልን፤ አንተ ገዥያችንና መሪያችን ሆነህ፣ የዘላለሙን በማያሳጣን አኳኋን በጊዜያዊው በረከት መካከል እናልፍ ዘንድ፣ ማለት ነው።

«ትራንሴአሙስ»ም «አሚታሙስ»ም በዘንድ አንቀጽ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ የግሡን መልክ ብታፈጥበት ዓላማውን ከውጤቱ አይለይልህም፤ ዙሪያውን ማየት ይሻላል። ከመጀመሪያው «ኡት» በፊት ያለው «ሙልቲፕሊካ»፣ «አብዛ» የሚል ልመና ብቻ ነው፤ መጠን ወይም አኳኋን የሚያመለክት ቃል የለም። ምሕረቱ ለምን ተለመነ? እናልፍ ዘንድ። ይህ ዓላማ ነው።

ከሁለተኛው በፊት ግን «ሲክ» አለች። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይጎትታትና «እንግዲህ» ብሎ ያልፋታል፤ እርሷ ግን የምትጠብቀው ወደ ፊት ያለውን «ኡት» ነው፦ እንዲህ ባለ አኳኋን፣ ይህ እስኪሆን ድረስ። ሌላም ምስክር አለ። ዓላማ ቢሆን ኖሮ አሉታው «ኔ አሚታሙስ» በተባለ ነበር፤ «ኡት ኖን» መባሉ ውጤት መሆኑን ያረጋግጣል። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ጸሎቷ የምትለምነው አካሄዱን ነው፣ አለማጣቱም ከአካሄዱ የሚወለድ ነው።

«ኖን» ግን ብቻዋን አትታመንም። ዮሐንስ 3፥16ን በላቲን አንብብ፦ «ሲክ» ካለ በኋላ «ኡት... ዳሬት» ይላል፤ ቀጥሎ በሌላ «ኡት» «ኖን ፔሬአት፣ ሴድ ሃቤአት» ይላል። ይህ ሁለተኛው «ኖን» እያለበትም ዓላማ ነው፤ «ኖን» «ፔሬአት»ን ብቻ አፍርሳ «ሴድ» ካመጣው «ሃቤአት» ጋር ታነጻጽረዋለች። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልሃል፦ «እስኪሰጥ ድረስ» ውጤት፣ «እንዳይጠፋ» ዓላማ። እኔ ስጠራጠር ወደዚያ ነው የምሮጠው።

ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ የወጣው መጽሐፈ ቅዳሴ የጸሎቷን መጨረሻ ለውጦታል፦ «ሲክ ቦኒስ ትራንሴውንቲቡስ ኑንክ ኡታሙር፣ ኡት ያም ፖሲሙስ ኢንሄሬሬ ማንሱሪስ»፤ አሁን በሚያልፈው በረከት እንዲህ እንጠቀም፣ ከሚኖረው ጋር ከወዲሁ መጣበቅ እስክንችል። አሉታው ስለ ጠፋ የቀረህ ምስክር «ሲክ» ብቻ ነው። «ኡታሙር» ደግሞ «እንጠቀም» የሚል ግሥ ነውና በ«ኡት» መጀመሩ እንዳያታልልህ። እስቲ በዚህኛው ላይ ሞክርና ያገኘኸውን ጻፍልኝ።

ወዳጅህ