ለደንበኞቻችን፦ ታይምሺት ላይ ያለችው ነጥብ ምን ትላለች?

ሀዋሳ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ ታይምሺት ላይ ሰዓት ስለምትደምሩበት መንገድ ነው።

ባለፈው ወር ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ካፌ ታይምሺት መጣልን። የአንዲት አስተናጋጅ የሳምንት ድምር 48.85 ይላል። ልጅቷ የሚከፈላት በሰዓት 40 ብር ነው። በዚህ ድምር 1,954 ብር ይደርሳታል። መግቢያና መውጫዋን አንድ በአንድ ስናይ ግን የሠራችው 50 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። የኦቨርታይም ጭማሪው ሳይታሰብ እንኳ የሚገባት 2,003 ብር ከ33 ሳንቲም ነበር። ማንም ሊጎዳት አላሰበም። ስህተቱ የመጣው ከነጥቧ ነው።

የስድስቱ ቀን ሰዓት እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ 8.20፣ 7.45፣ 8.40፣ 8.20፣ 9.10፣ 7.50። የጻፈው ሰው 7.45 ሲል 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማለቱ ነው። ካልኩሌተር ግን ደቂቃ የሚባል ነገር አያውቅም። ለእሱ .45 ማለት ከመቶ 45 ነው፣ ማለትም 27 ደቂቃ ብቻ። 45 ደቂቃ በአስርዮሽ ሲጻፍ 45 ለ60 ተካፍሎ 0.75 ነው የሚሆነው።

ትክክለኛው ድምር እንዲህ ይሠራል። ሰዓቱን ለብቻ ደምሩ፤ 47 ይመጣል። ደቂቃውን ለብቻ ደምሩ፤ 185 ይመጣል። በ185 ውስጥ 60 ሦስት ጊዜ አለ፣ 5 ይተርፋል። ስለዚህ 50 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ካልኩሌተሩ ግን 185ቱን ደቂቃ 1.85 ሰዓት አድርጎ ቆጠረው። እንዲህ ሲደመር ከደቂቃዎቹ ድምር ሁልጊዜ 40 በመቶው ይጠፋል። እዚህ ላይ የጠፋው 74 ደቂቃ ነው። እኛን ያሳሰበን ደግሞ ይሄ ነው፤ ስህተቱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አይልም፣ ሁሌም ከሠራተኛው ላይ ነው የሚቀንሰው።

የተገላቢጦሹም አለ። አንዳንድ የጣት አሻራ ማሽን ሰዓቱን በአስርዮሽ ያወጣል። 50.08 ብሎ ሲያወጣ 50 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ብላችሁ አትጻፉ። 0.08ን በ60 አባዙት፤ 4.8 ነው፣ ወደ 5 ደቂቃ።

ታዲያ ሉሁ በየትኛው እንደተጻፈ በምን ይታወቃል? ከነጥቡ በኋላ .75 ወይም .83 ካያችሁ አስርዮሽ ነው፣ 75 ደቂቃ ብሎ የሚጽፍ የለምና። ወሩን ሙሉ ከ.59 የበለጠ ቁጥር ከሌለ ግን ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም። .50 ብቻውን አያስታውቅም፤ ግማሽ ሰዓትም 50 ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ያኔ መግቢያና መውጫውን ከማየት ሌላ መፍትሔ የለም።

ቀጥሎ ማጠጋጋት። በየቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚሠራ ጥበቃ አለ እንበል። በአስርዮሽ 8.333 እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ለማሳጠር 8.3 ይለዋል። በቀን የምትቀረው 2 ደቂቃ ናት፣ ምንም አትመስልም። በ26 የሥራ ቀን ግን 52 ደቂቃ ትሆናለች። የቀኑ ሰዓት ስለማይለዋወጥ አንዱ ቀን የሌላውን አያካክስም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ መደበኛው የሥራ ቀን 8 ሰዓት ስለሆነ የጠፋው በሙሉ ከኦቨርታይሙ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀን ኦቨርታይም በ1.5 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ በየቀኑ አታጠጋጉ። ወሩን በደቂቃ ደምሩ፣ ወደ ብር ስትቀይሩ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አጠጋጉ።

በኤክሴል ለምትሠሩ፣ ሰዓቱን በነጥብ ሳይሆን በሁለት ነጥብ `8:20` ብላችሁ ጻፉ። ድምሩ `2:05` ብሎ ቢያስደነግጣችሁ ሰዓቱ አልጠፋም። ኤክሴል 24 በሞላ ቁጥር እንደ ግድግዳ ሰዓት ከዜሮ ስለሚጀምር ነው። የሴሉን ፎርማት `[h]:mm` አድርጉት፣ `50:05` ይመጣል። በሰዓት ክፍያ ለማባዛት ደግሞ መጀመሪያ በ24 አባዙት፤ ኤክሴል አንድን ሙሉ ቀን 1 ብሎ ነው የሚይዘው።

```
=SUM(B2:B7)*24
```

የዚህኛውን ሴል ፎርማት `Number` አድርጉት፤ 50.08 ያሳያል። ውስጡ ያለው ግን ሙሉው ቁጥር ስለሆነ ከዚያው ሴል አባዙ። 50.08ን በእጅ ገልብጣችሁ አታባዙ።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በምንልክላችሁ ቅጽ ላይ ሰዓትና ደቂቃ የየራሳቸው ዓምድ ይኖራቸዋል። እስከዚያው በነጥብ የተጻፈ ታይምሺት ካላችሁ መግቢያና መውጫውንም አብራችሁ ላኩልን፣ እኛው እንደምረዋለን። ያለፉትን ወራት እንድናይላችሁ የምትፈልጉም ሉሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፔይሮል ክፍላችሁ