ለሪሴፕሽን ቡድን፦ በእሳት ጊዜ በድምፅ ማጉያ የሚነበበው

ሰላም ለሁላችሁ። እሳት ሲነሳ የምናነበው ይሄን ብቻ ነው፦

«እባክዎ ያዳምጡ። አሁን ከሆቴሉ ይውጡ። በደረጃ ይውረዱ። ሊፍት አይጠቀሙ። ሻንጣዎን ይተዉ። ደረጃ መውረድ ካልቻሉ ለሠራተኛ ይንገሩ። መኪና ማቆሚያው ላይ እንገናኝ።»

በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛና በአረብኛ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። «ችግር ሳይኖር አይቀርም» ምናምን አትጨምሩ፣ እንግዳው የምር መሆኑን እስኪያጣራ ሻንጣውን ማሸግ ይጀምራል። «አትደንግጡ»ም ይቅር፣ የሚያስደነግጠው እሱ ነው። ኮሪደር ላይ ድምፅ ስለሚያስተጋባ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ትንፋሽ ውሰዱ፤ ደወሉ እየጮኸ ካነበባችሁ ደግሞ ማንም አይሰማችሁም፣ ዝም ሲል ጠብቁ።

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሪሴፕሽን ላይ እንለማመዳለን፤ ጽሑፉን አትማችሁ ኑ። በየፈረቃው አረብኛውን ማን ያነባል? እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ መልሱልኝ።