ፈቃዱ የሚታየው ተጫዋቹ ባለበት አገር ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ታናሽ ወንድሜ ከሐዋሳ ወጥቶ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሰሞን በቪዲዮ ስንደዋወል ማታ ማታ የሚጫወትበትን ኦንላይን ካዚኖ አሳየኝ። «እኛ ሰፈርም ቤቲንግ ቤት ሞልቷል፤ ይሄም ከአገሩ ፈቃድ አለው» አለኝ። ልቤ አልረጋምና ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወሳኙ ተጫዋቹ ያለበት ቦታ ነው። በስዋዚላንድ የነበረ አንድ ኦንላይን ካዚኖ «ሰርቨሬ እዚህ ስለሆነ ጨዋታው እዚህ ነው» ብሎ ተከራክሮ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የአገሪቱ የቁማር ሕግ መሠረት ፈቃድ ከሌለው ድረ ገጽ የተገኘ ገንዘብ በመንግሥት ሊወረስ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ቀን ከሌት ለሚለፋ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የስፖርት ውርርድ ግን ይፈቀዳል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የየክፍለ ሀገሩ የቁማር ቦርድ ነው። ስለዚህ አብረን አጣራን። የገጹን ግርጌ አየን፤ የፈቃድ ቁጥርና ፈቃድ ሰጪ ቦርድ መጻፍ ነበረበት። የተጻፈው የሌላ አገር ፈቃድ ነው። አርማ ብቻ ቢኖርም አላምነውም ነበር፣ አርማ ማንም ይለጥፋል። የድርጅቱን ስም በቦርዱ የራሱ ድረ ገጽ ዝርዝር ላይ ፈለግን፤ የለም። በብሔራዊው ቦርድ ገጽ፣ ngb.org.za፣ የየክፍለ ሀገሩ ቦርዶች አድራሻ ስላለ ደውሎ መጠየቅም ይቻላል።

ወንድሜ አካውንቱን ያን ዕለት ዘጋ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ